የወንድሜ ሱፍ

አካውንቲንግ ተምሬ ከተመረቅኩ በኋላ ስምንት ወር ሥራ ፈልጌያለሁ። በእነዚያ ወራት አምስት መሥሪያ ቤቶች ለቃለ መጠይቅ ጠርተውኛል። አምስቱም ጋ የሄድኩት በታላቅ ወንድሜ ሱፍ ነበር። ለሠርጉ ያሰፋው ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው፤ ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ብዙም አልተለበሰም። እናቴ ከሻንጣ አውጥታ ስትሰጠኝ «ይኼን ለብሰህ ማን ይመልስሃል» አለችኝ። እኔም አምኜ ለበስኩት።

አምስቱም መለሱኝ።

መልስ አጥቼ አይደለም። በተለይ አምስተኛው ቦታ የተጠየቅኩትን ሁሉ አውቀው ነበር። የሥራ መደቡ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ጥሬ ገንዘብም መያዝን ይጨምር ነበር። ስለ ባንክ ማስታረቂያ፣ ስለ ደረሰኝ አያያዝ፣ ካዝና ውስጥ ጉድለት ቢገኝ ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። አንድ በአንድ መለስኩ። በሳምንቱ ስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለም።

ከወር በኋላ ከፈታኞቹ አንዱ ጋር ታክሲ ውስጥ ተገናኘን። እሳቸው ናቸው ቀድመው ያወቁኝ። ሰላም ብያቸው ትንሽ እንደሄድን ድፍረት አግኝቼ ምን እንደጎደለኝ ጠየቅኳቸው። ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «መልስህ ጥሩ ነበር። ግን ልጅ መሰልከን። ገንዘብ እንዴት እንሰጠዋለን ተባባልን» አሉኝ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የተመረጠው ልጅ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ እኩያዬ መሆኑን ስለማውቅ ነገሩ ዕድሜ እንዳልሆነ ገባኝ።

ይህን የምጽፈው እንደዚያ ዓይነት መልስ ለሚደርሳቸው ነው። «ልጅ መሰልከን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት እኔ ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል።

ነገሩን የፈታልኝ አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ሱፉን ይዤ የሄድኩት ሱሪው ረዝሞ መሬት ስለሚጠርግ ለማሳጠር ብቻ ነበር። ሰውዬው መርካቶ ውስጥ በጠባብ ሱቅ የሚሠሩ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ አዛውንት ናቸው። «ሱሪውን ብቻ ነው ጋሼ» ስላቸው «እስቲ ሁሉንም ልበሰው» አሉኝ። ለበስኩት። ወደ መስታወቱ አልመሩኝም። ግድግዳ አጠገብ አቆሙኝና «በጎንህ ወደ ግድግዳው ቀስ እያልክ ቅረብ። ምንህ ቀድሞ ይነካል?» አሉኝ። ቀድሞ የነካው ክንዴ አልነበረም። የኮቱ የትከሻ ስፖንጅ ነው። «አየህ፣ ልብሱ አንተን ቀድሞህ ይሄዳል» አሉኝ።

ከዚያ ነጭ ጠመኔያቸውን አውጥተው አንድ በአንድ አሳዩኝ። እጄን ወደ ታች ስዘረጋ እጅጌው አውራ ጣቴ ሥር ድረስ ይደርሳል። ማለቅ የነበረበት የእጅ አንጓዬ አጥንት ላይ ነው፤ ከሥሩ የሸሚዙ እጅጌ አንድ ሴንቲሜትር ያህል እንዲታይ። ለኩት፤ ትርፉ አራት ሴንቲሜትር ነው። ኮቱን ቆልፌ ስቆም በሆዴና በቁልፉ መካከል ጭብጥ እጅ ይገባል። መግባት ያለበት የተዘረጋ መዳፍ ብቻ ነው። ቁልፉ አካባቢ ጨርቁ ተወጥሮ የኤክስ ቅርጽ ከሠራ ደግሞ ጠቧል ማለት ነው። ሱሪው ጫማዬ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ተጣጥፎ ተከምሯል። አንዴ ብቻ ለስለስ ብሎ መታጠፍ ነበረበት።

እጅጌ ሲረዝም ምን እንደሚያመጣ ያሳዩኝ ግን ያልጠበቅኩት ነገር ነበር። «ተናገር እስቲ፣ ለፈታኞችህ እንደነገርካቸው አድርገህ» አሉኝ። ስናገር እጄን አነሳሁ። ወዲያው እጅጌው መዳፌን ሸፈነ፣ እኔም በሌላው እጄ ወደ ላይ ሳብኩት። ሳላስበው ነው ያደረግኩት። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ደገምኩት። «ይኸውልህ» አሉኝ፣ «ሰው ፊት እጅጌውን የሚጎትት ልጅ ነው።» አምስቱም ቦታ ይህንኑ ሳደርግ እንደነበር ያን ጊዜ አወቅኩ።

እጅጌውን ገልብጠው ካዩ በኋላ ግራ እጄ ላይ ከቁልፎቹ በላይ የተሰፋችውን የጨርቁን ፋብሪካ ምልክት በምላጭ ፈትተው አነሷት። እኔ የልብሱ ጌጥ ትመስለኝ ነበር። ለሽያጭ የምትለጠፍ ናት፤ ልብሱ ሲለበስ ትነሳለች። ከኋላ የኮቱን ስንጥቅ የያዘው ነጭ ክርም ገና አልተፈታም ነበር። ወንድሜ የተሞሸረው እንደዚያው ሆኖ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ዛሬም አዲስ አበባ መንገድ ላይ በየቀኑ አያለሁ። ለማንሳት ምላጭና ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

የማይስተካከለውንም ነገሩኝ። እጅጌ ያጥራል፤ ግን ቁልፎቹ እንደ ጌጥ ከላይ የተሰፉ ሳይሆኑ እውነተኛ ቀዳዳ ካላቸው ከታች ማሳጠር የሚቻለው ትንሽ ነው። ወገብ ይጠባል። ሱሪ ያጥራል፤ ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ካለው ይረዝማልም። ትከሻን ማጥበብ ግን ኮቱን አፍርሶ እንደገና መስፋት ነው። ኮት ራሱ ከረዘመም ተዉት ነው የሚሉት፤ ሲያጥር ኪሶቹ ወደ ታች ወርደው ይቀራሉ። ስለዚህ ሰልባጅ ተራ ኮት የምትመርጡ ከሆነ መጀመሪያ ትከሻውን እዩ። ትከሻው ልክ ከሆነ የቀረው ሁሉ መላ አለው። ትከሻው ካልሆነ ግን ጨርቁ የቱንም ያህል ቢያምር መልሳችሁ ስቀሉት።

የእኔ ትከሻ በየጎኑ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ነበር የሰፋው። «ይኼ ይታለፋል» አሉ። ቀሪውን ለመሥራት የጠየቁኝ ከአንድ አዲስ ሸሚዝ ዋጋ ያነሰ ነበር። መቀሱን ሊያነሱ ሲሉ ቆም አሉና «ልብሱ ያንተ ነው?» አሉኝ። የወንድሜ መሆኑን ነገርኳቸው። «እንግዲያስ አልቆርጠውም። ወደ ውስጥ አጥፌ ነው የምሰፋው። ሲፈልገው ይፈታለታል» አሉኝ።

ይህ የአንድ ልብስ ሰፊ አስተያየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰው ለመምከር አልደፍርም ነበር። ቆየት ብዬ ሳነብ ግን በጥናት የተፈተሸ ነገር መሆኑን አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ። ለሰዎች አንድን ወንድ በሁለት ሱፍ አሳዩአቸው። አንዱ በልኩ የተሰፋ ነው፣ ሌላው ከሱቅ የተገዛ። ቀለሙም ዓይነቱም ተመሳሳይ ነው፤ ፊቱ እንዳይለይ ተሸፍኗል። ተመልካቾቹ ያዩት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። በልኩ የለበሰውን በራሱ የሚተማመን፣ የተሳካለት፣ የተሻለ ደመወዝ ያለው አድርገው ገመቱት። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ትንሽ የአሰፋፍ ልዩነት ብቻ ነው።

ሌላው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነው። ይኼኛው ልቤን የነካኝ ጥናት ነው። አንድን ፊት አንዴ ደህና ገቢ ያለው ሰው ከሚለብሰው ልብስ ጋር፣ አንዴ ደግሞ ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ከሚለብሰው ልብስ ጋር አሳዩ። ከዚያ ሰውዬው ምን ያህል ብቁ ይመስላል ብለው ጠየቁ። አንዳንዶቹ ምስሉን ያዩት ለ129 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ዓይን እስኪርገበገብ ማለት ነው። ያው ፊት በደህናው ልብስ ጊዜ ይበልጥ ብቁ ተባለ። ልብሱን አትመልከቱ ተብለው ተነገራቸው። ልብሱና ችሎታው አይገናኙም ተብለው ተነገራቸው። በትክክል ለሚገምት ሽልማትም ተዘጋጀላቸው። ፍርዱ ግን ቀጠለ። ታክሲ ውስጥ ያገኘኋቸው ፈታኝ ክፉ ሰው እንዳልነበሩ የተረዳሁት ያኔ ነው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል፤ ጆሮ የሚደርሰው ቆይቶ ነው።

አሁን ወደ ንጽሕናው ልምጣ። እዚህ ላይ ሁላችሁም የምታውቁትን አልደግምም። የሚያመልጡ ሦስት ነገሮች ብቻ አሉኝ።

አንደኛው ሽታ ነው። እኛ ቤት ሱፉ የሚሰቀለው ወጥ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ነበር። ብዙ ቤት እንዲሁ ነው። ሽንኩርትና ቅቤ ሱፍ ጨርቅ ውስጥ ከገቡ ቶሎ አይወጡም፤ ችግሩ ደግሞ የቤቱ ሰው አይሸተውም። ለእኔ የነገረችኝ ውጭ ተከራይታ የምትኖረው እህቴ ናት። መፍትሔ ብዬ ሽቶ አበዛሁበት፤ ተደባልቆ ይብስ ሆነ። የሚሠራው ቀላል ነው። ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት ልብሱን አውጥቶ ንፋስ ባለበት ጥላ ሥር መስቀል፣ ሲገባም ወጥ ከሚሠራበት ርቆ በላስቲክ ተሸፍኖ መቀመጥ ነው። ፀሐይ ላይ አይሰቀል፤ ትከሻው ይደበዝዛል።

ሁለተኛው ጢም ነው። የእኛ ጠጉር ጥቅልል ስለሆነ ሥር ድረስ ሲላጭ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ጉንጭና አንገት ላይ የሚወጣው ሽፍታ ከዚያ ነው። እኔ በየቀጠሮው ጠዋት በምላጭ ወደ ላይ እየላጨሁ አንገቴ ቀልቶ፣ ኮሌታው እየፈተገኝ ነበር የምገባው። ከዚያ እያከክሁ እቀመጣለሁ። ፀጉር አስተካካዩ «ጠጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ ላጭ፣ ከአንድ ቀን በፊት ይሁን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በማሽን አሳጥሬ ጠርዙን ማስተካከል ብቻ ሆነልኝ። የራስ ጠጉርም ቢሆን ከሦስት አራት ቀን በፊት ቢቆረጥ ይሻላል፤ በዕለቱ የተቆረጠ ገና አልረጋም።

ሦስተኛው እጅና እግር ነው። ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው ጥፍር ብዙ ይናገራል። ወረቀት ስትቀበሉና ስትሰጡ ፈታኙ ሳያስበው የሚያየው እጃችሁን ነው። ጫማን በተመለከተ ክረምት ላይ ከታክሲ ወርዶ ጭቃ ሳይነካ የሚደርስ የለም። ስለዚህ ቦርሳዬ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ በፌስታል እይዛለሁ። በሩ አካባቢ ሊስትሮ ካለ የሶሉን ጠርዝም እንዲያጠቁርልኝ እነግረዋለሁ። ላዩ አብረቅርቆ ጠርዙ የነጣ ጫማ ያረጀ ይመስላል። ካልሲ ደግሞ ጠቆር ያለና ረዘም ያለ ይሁን። ስትቀመጡ ሱሪ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ባዶ ቅልጥም ፈታኝ ፊት አያምርም።

ስለ ሴቶች ልብስ እህቴ ከእኔ የተሻለ ታውቃለች። የትከሻው ነገር ለሴት ኮትም ያው ነው ትላለች። ከዚያ ውጭ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ ስትቀመጪም ስታጎነብሺም የማትጎትቺውን ልብስ ልበሺ። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ መሬት የወደቀ እስክሪብቶ አንስቶ መሞከር ነው። የእኔም እጅጌ ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ልብሱን የሚነካካ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላል።

አቋም ላይ ግን ከሁሉም በላይ ተቸግሬአለሁ። ምክንያቱም የማስተካክለው ነገር ስህተት አልነበረም፤ አስተዳደጌ ነበር። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ፊት ዓይን አይተከልም። ድምፅ ዝቅ ይላል። እጅ ይሰበሰባል። ድሮ ጌታው ፊት የሚቆም ሰው ኩታውን ወገቡ ላይ አጣፍቶ ያደገድግ ነበር። ልብሱም አቋሙም አንድ ላይ «ታዛዥ ነኝ» ይሉ ነበር። የእኔም ሰውነት ያንኑ ነው የሚለው። እህቴ በስልክ ቀርጻ አሳየችኝ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ ሁለቱ እጆቼ ጉልበቶቼ መካከል ገብተዋል፣ ትከሻዬ ተጣጥፏል፣ አገጬ ደረቴ ላይ ነው። «ጉድለቱን ለኃላፊዬ በጽሑፍ አሳውቃለሁ» የሚለውን ትክክለኛ መልሴን የምናገረው ለገዛ ጉልበቴ ነበር። ለእናቴ ያ ልጅ ጨዋ ነው። ካዝና ለሚያስረክብ ሰው ግን የሚፈራ ልጅ ነው። ፈሪ ሰው ደግሞ አለቃው «ይኼን ያለ ደረሰኝ ክፈል» ቢለው ይከፍላል ብሎ ያስባል።

መጀመሪያ የሰማሁት ምክር ከመግባትህ በፊት ሁለት ደቂቃ እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ ደረትህን ነፍተህ ቁም የሚል ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ2010 ከታተመ የአሜሪካ ጥናት የመጣ ነው። በ42 ሰዎች ላይ ተሠርቶ ሰውነትን ሰፋ አድርጎ መቀመጥና መቆም የሰውነትን ሆርሞን ሳይቀር ይለውጣል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች በ200 ሰዎች ላይ ሲደግሙት የሆርሞኑም የባህሪውም ለውጥ አልታየም፤ የቀረው ሰዎቹ «ጉልበት ተሰማኝ» ማለታቸው ብቻ ነው። በዓመቱ ከመጀመሪያው ጥናት አዘጋጆች አንዷ ራሷ ውጤቱን እንደማታምንበት በይፋ ጻፈች። እኔም መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆሜ ሞክሬዋለሁ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ያው ሆንኩ። ፈታኙ የሚያየው ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ነው።

የሠራልኝ አክብሮትንና መልስን መለየት ነው። ስገባ እንዳደግኩት ነው የማደርገው። ጎንበስ ብዬ፣ ቀኝ እጄን በግራ እጄ ደግፌ እጨብጣለሁ። ተቀመጥ እስክባል እቆማለሁ። ይህን አልተውኩትም፣ እንዲተውም አልመክርም። እዚህ አገር ሳይጎነብስ የገባ ልጅ ገና ከበሩ ተጠልቷል። ከተቀመጥኩ በኋላ ግን ሌላ ሥራ ይጀምራል። ወገቤን እስከ ወንበሩ መደገፊያ እወስዳለሁ። የኮቱን ቁልፍ እፈታለሁ፤ ካልተፈታ ኮሌታው ከአንገት ተነስቶ ትከሻን ያጎብጣል። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይረግጣሉ። እጆቼን ጠረጴዛው ላይ አንዱን በአንዱ ላይ አደርጋለሁ፤ ጠረጴዛ ከሌለ ጭኔ ላይ። ሲጠይቁኝ ዝቅ ብዬ ብሰማም መልስ ስጀምር ቀና እላለሁ። ዓይናቸው ላይ መትከል ሲከብደኝ ቅንድባቸው መሃል አያለሁ፤ ለእነሱ ልዩነቱ አይታወቅም። ይህን አሥር ቀን ያህል ማታ ማታ ከእህቴ ጋር ተለማመድኩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባለጌ የሆንኩ መስሎኝ ያፍነኝ ነበር። ቪዲዮው ላይ ግን ባለጌ አልመስልም። ጤነኛ ሰው ነው የምመስለው።

ስድስተኛው ቦታ ተቀጠርኩ። ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሒሳብ ድጋፍ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ነው። ልብሱ ነው ያስቀጠረኝ አልልም። ጥያቄዎቹ ቀለል ያሉ ነበሩ፣ ተወዳዳሪውም ትንሽ ነበር። ግን እጅጌዬን አልጎተትኩም፤ ንግግሬም እስኪያልቅ ሰሙኝ።

ከዚያ የተማርኩትን ሁሉ የሚያናውጥ ነገር ገጠመኝ። በሦስተኛው ወር አንድ ገጠር ወዳለ የገበሬዎች ማኅበር መዝገብ ለማየት ተላክሁ። ሱፌን ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። አባላቱ በአክብሮት ተነስተው ተቀበሉኝ። ወንበር አቀረቡልኝ፤ እነሱ መደብ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ የጠየቅኩት ሁሉ «ደኅና ነው»፣ «ምንም የለም» እየተባለ አለቀ። የእህል ሽያጩ ደብተር «ጸሐፊው ጋ ነው፣ ጸሐፊው ደግሞ የለም» ተባለ። ሁለት ቀን ባዶ እጄን ቆየሁ። ስመለስ የሸኙኝ ሊቀ መንበሩ፣ ሽማግሌ ሰው፣ መኪናው ጋ ደርሰን «ልጄ፣ ክፋት የለብንም። ግብር የምትጨምርብን መስሎን ነው» አሉኝ።

አዋቂ መስያቸዋለሁ። ችግሩ እሱ አልነበረም። አዋቂነቴ ለማን እንደሚሠራ አላወቁም። ሰው ሌላውን ሲያይ ሁለት ነገር ይመዝናል፤ ይችላል ወይ፣ ለእኔስ ደግ ያስባል ወይ። ከተማ ውስጥ ሱፌ የመጀመሪያውን መልሶልኝ ነበር። እዚያ ደግሞ ሁለተኛውን ዘጋብኝ።

በሚቀጥለው ወር ስሄድ ካኪ ሱሪ፣ ንጹሕ ሸሚዝ፣ ሹራብና ጠንካራ ቆዳ ጫማ አድርጌ ነበር። የተቀደደ ነገር ወይም የእነሱን ዓይነት ልብስ አልለበስኩም። የከተማ ልጅ ገበሬ መስሎ ሲመጣ መናቅ ይመስላል፣ ያውቁታልም። ወንበሩን ሲያቀርቡልኝ አመስግኜ ሽማግሌው አጠገብ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። ደብተሬን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰውነቴን ቀጥ አድርጌ አልነበረም የተቀመጥኩት። ወደሚናገረው ሰው ዘንበል ብዬ ነው። ጸሐፊው ቤቱ ቅርብ ኖሯል፤ ተጠራና ደብተሩን ይዞ መጣ። ልብሱ ብቻ አይደለም፣ ሁለተኛ ጊዜ መምጣቴም ረድቷል። ግን ከዚያ ወዲህ ሻንጣ ሳዘጋጅ የምጠይቀው «ምን ያምርብኛል» ብዬ አይደለም። እዚያ ያሉት ሰዎች የሚፈሩት ማንን ነው፣ እሱስ ምን ይለብሳል ብዬ ነው።

አሁን ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ዓመት እኔም ፈታኝ ሆኜ ተቀመጥኩ። አራተኛዋ ተፈታኝ ስትገባ የደበዘዘ ኮት ለብሳለች፣ የጫማዋ ተረከዝ አልቋል። አፏን ሳትከፍት እስክሪብቶዬ «አነስተኛ» የሚለው ሳጥን ላይ ደርሶ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እጄ እዚያ የሄደው። ደነገጥኩ። በዕረፍት ሰዓት ለሌሎቹ ፈታኞች ነገርኳቸው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ እሷም ያንኑ እንዳደረገች ተናገረች።

ከዚያ ቀን በኋላ አሠራሩን ቀየርን። የጽሑፍ ፈተናው ቀድሞ፣ ያለ ስም በቁጥር ብቻ ይታረማል። በቃለ መጠይቁ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት አስቀድመን እንጽፋለን። ተፈታኙ እንደመለሰ እዚያው ነጥብ እንሰጣለን፤ ሳንማከር። «አጠቃላይ ግምት» የሚለውን ሳጥን ከቅጹ አወጣነው፤ ልብስና ጫማ የሚገባው በእሱ በኩል ነበር። ያቺን ልጅ በአዲሱ ቅጽ እንደገና ስናያት ሁለተኛ ወጣች። ሁለት ሰው ነበር የምንፈልገው። ስለዚህ ተቀጠረች።

ፈታኝ የሆናችሁ ካላችሁ ይህን እናንተም አድርጉት። ተፈታኝ የሆነ ሰው ግን ፈታኞቹ እንዲህ እስኪያደርጉ መጠበቅ አይችልም። ለእሱ ግድግዳው፣ ምላጩና የስልክ ካሜራው አሉ።

ሱፉ አሁን እኔ ጋ የለም። ወንድሜ ወፈር ስላለ አይሆነውም። ባለፈው ሰኔ የአክስቴ ልጅ ተመርቆ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ከእኔ በጣም ይረዝማል። ሱፉን ይዘን መርካቶ ሄድን። ያ ሱቅ አለ፤ ሰውዬው ዓይናቸው ስለደከመ ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ልጃቸው ነው። አባትየው በር ላይ ሆነው እጅጌውን ገለበጡና ያጠፉትን ጨርቅ በጣታቸው አገኙት። «አልቆረጥኩትም አላልኩህም?» አሉኝ። ልጃቸው ስፌቱን ፈታው። አራቱ ሴንቲሜትር ወጣ፤ በካውያ ሲተኮስ የድሮው መስመር ትንሽ ይታይ ነበር፣ በእርጥብ ጨርቅ ደግመው ሲተኩሱት ጠፋ። ከዚያ አባትየው የአክስቴን ልጅ ክንድ ያዙና ወደ ግድግዳው ወሰዱት።